ማጌት ያየችው፣ እኔ ያየሁት

ልጆቻችን በአንድ ጀልባ ሄዱ። የእኔው ባስሩ ነው፤ የማጌት ልጅ ደግሞ መዱን። በአንድ ክረምት ተወልደው፣ በአንድ ቀን ተገርዘው፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንድ ገበታ የበሉ ናቸው። አንድ ረቡዕ ከዓሣ ማድረቂያው ስንመለስ የሁለቱም መኝታ ባዶ ነበር። ወደ ስፔን ደሴቶች እንደ ሄዱ የነገረን ጀልባውን ቀለም የቀባው ሰው ነው። ሰባት ቀን ይፈጃል አለን፤ ባሕሩ ከከፋ አሥር።

ሃያ ቀን ሆነ። ስልክ አልጮኸም።

እኔ ንጎኔ ንጃይ እባላለሁ። ማጌት ደግሞ የጆፕ ዘር ናት። በእኛ አገር ንጃይና ጆፕ ሲገናኙ ሳይሰዳደቡ አይተላለፉም፤ ቀልድ ነው፣ ከአያት የወረስነው። "አንቺ ሩዝ በላተኛ፣ ጌታሽን ሳትሳለሚ ታልፊያለሽ?" ስላት፣ "ጌታ? የእኛ ቤት ድስት አጣቢ አልነበርሽም እንዴ!" ትለኛለች። በሴኔጋል፣ ምቡር ባሕር ዳር፣ ከአንድ ቆጥ ላይ ዓሣ ስናጨስና ስናደርቅ፣ ሃያ ዓመት እንዲህ ኖርን።

ቀልዱ ቀልድ ነው። ከሥሩ ግን ሌላ ነገር ነበረኝ፤ ዛሬ ከመናገር አላፍርም። የማጌት ባል አለ፤ የእኔ ሞቷል። የእሷ ዓሣ አይሻግትም፤ የእኔ ይሻግታል። እሷ ስትስቅ ሴቶቹ ዞር ብለው አብረው ይስቃሉ፤ እኔ ስስቅ "ምን አገኘሽ?" ይሉኛል። ልጆቹ ከጠፉ በኋላ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል ሆንን። እሷም አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። አላህ ይቅር ይበለኝና፣ በዚያ እኩልነት ውስጥ ትንሽ ማረፊያ አግኝቼ ነበር።

በሃያ አንደኛው ቀን ጠዋት ማጌት ከጨው ክምሩ አጠገብ ጠራችኝ።

"የባስሩ እናት፣ ነይ እስቲ ቁጭ በይ።"

"ምነው? ተደወለ?"

"አልተደወለም። ሕልም አይቻለሁ።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ሄጄ ለሴሪኝ ጋዬ ነገርኳቸው። 'ከሚወድሽ ሰው በቀር ለማንም እንዳትናገሪ' አሉኝ። ለዚህ ነው ለአንቺ የምነግርሽ።"

ሴሪኝ ጋዬ የሰፈራችን ሼህ ናቸው። ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሕልም ያየ ሁሉ ወደሳቸው ይሄዳል።

"ሶላት ሰግጄ፣ ታጥቤ ዉዱእ አድርጌ የተኛሁ እንዳይመስልሽ" አለች ማጌት። "ደክሞኝ በቀሚሴ ነው የወደቅኩት። ለንጋቱ፣ ለሱብሂ አዛን ትንሽ ሲቀር ይመስለኛል። ግቢዬ ውስጥ ዓሣ አጥባለሁ። አንድ ሰው ገቡ። ማን እንደሆኑ ማንም አልነገረኝም። አወቅኳቸው። እሳቸው ናቸው፣ ነቢዩ ናቸው፣ ሰላም በሳቸው ላይ ይሁን። እጄ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ አፈርኩ። ውሃ ለመኑኝ። በጣሳ ሰጠኋቸው። ጠጡና ግማሹን መለሱልኝ። 'ልጄስ?' አልኳቸው። አልመለሱልኝም። 'ጠጪ' አሉኝ። ጠጣሁ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ነቃሁ። ትራሴ በእንባ ርሷል፤ ሆዴ ውስጥ ግን ጸጥ ብሏል። ሃያ ቀን ሲንጫጫ የከረመው ሁሉ ጸጥ። ተነሥቼ ሰገድኩ።"

"ሴሪኝ ምን አሉ?"

"ብዙ ጠየቁኝ። ጢማቸው እንዴት ነበር አሉኝ። ጥቁር ነው፣ ከታችኛው ከንፈራቸው ሥር ጥቂት ነጭ አለበት አልኳቸው። ንጎኔ፣ እኔ መጽሐፍ አላነበብኩ፣ ይሄን ከማንም አልሰማሁ። ሴሪኝ ዓይናቸውን በመጎናጸፊያቸው ጠረጉ።"

እጄን ያዘችኝ። እጇ ሞቃት ነበር። "ማሻአላህ" አልኳት። አፌ አለ እንጂ እኔ አላልኩም። ሆዴ "ለምን ለእሷ?" ነበር የሚለው። እኔ አምስት ወቅት ሶላት የማልዘል፣ ሰኞና ሐሙስ የምጾም፣ መበለት። እሷ በዓሣ እጇ፣ ያለ ዉዱእ!

ከጨው ክምሩ ወዲያ ዲቦር ነበረች፤ ጆሮዋ ከአፏ የማይተናነስ ጎረቤታችን። የሰማችው ግማሹን ነው፤ ያወራችው ግን እጥፉን። ለዙሁር ሶላት ስንሄድ ነቢዩ ለማጌት "ልጅሽ በሕይወት አለ" አሏት ተብሏል። ለአስር ሶላት ሲደርስ መዱንን እጁን ይዘው ከማዕበሉ አውጥተውታል። ከመግሪብ በፊት የማጌት በር ላይ ዱዓ የሚያስደርጉ ሴቶች ተሰልፈው ነበር። አንዷ የኮላ ፍሬ ይዛ መጥታለች፣ አንዷ የታመመ ሕፃን አዝላ።

ማጌት በሩ ላይ ቆማ፣ "ኧረ እኔ እንዲያ አላልኩም! ስለ ልጄ አንድ ቃል አልነገሩኝም! በአላህ፣ ሂዱልኝ" ትላለች።

"ትሕትናዋን እዩልኝ!" አሉ ሴቶቹ።

እኔም ከአጥሬ ላይ ቆሜ አየኋት። ትሕትናም አልመሰለኝ፤ ኩራት መሰለኝ። እንደምትፎክርብኝ ሆኖ ነው የተሰማኝ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ልንገራችሁ። አንሶላዬን አጠብኩ። ሽቶ ረጨሁ። ዉዱእ አድርጌ፣ በቀኝ ጎኔ ተጋድሜ፣ በሙስበሓ መቁጠሪያዬ ሺህ የነቢዩን ሰለዋት እየቆጠርኩ መተኛት ጀመርኩ። በመጀመሪያው ሌሊት የሰው ፍየል ቀሚሴን ስትበላ አየሁ። በሁለተኛው ከቲማቲም ሻጭ ጋር ስከራከር አደርኩ። በሦስተኛው ምንም። ጠዋት ጠዋት ማድረቂያው ላይ ማጌትን ሳይ ፊቷ ያረፈ ነው። መተኛቷ ያስታውቃል። እኔ እንቅልፍ ለማግኘት አልነበረም የምተኛው፤ ለመቀበል ነበር፤ የሚሰጠኝ ግን አጣሁ።

"ከስተሻል" አለችኝ አንድ ቀን። "ነይ እኛ ቤት ብዪ። ጌታዬ በረሃብ ቢሞት እኔን ማን ይሰድበኛል?"

"ሩዝሽን ራስሽ ብዪ" አልኳት። እንደ ቀልድ ልለው ነበር። እንደ ቀልድ አልወጣም።

በሠላሳ አንደኛው ቀን አየሁ።

በዋዜማው ማታ የተረፈ የማሽላ ገንፎ በደረቅ ዓሣ በልቼ፣ ሆዴ ከብዶኝ ነው የተኛሁት። ከአልጋዬ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ የሴሪኝ ጋዬ አያት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ የሰፈራችንን መስጊድ ያቀኑት ደግ ሰው። ነጭ ለብሰው፣ ፊታቸውን እስከ አፍንጫ በመጎናጸፊያ ሸፍነው የቆሙበት ያረጀ ሥዕል፣ በየቤቱ ያለ። እንቅልፍ እስኪወስደኝ እሱን እያየሁ ነበር።

ባሕር ዳር ቆሜያለሁ። አንድ ነጭ የለበሰ ሰው ይታየኛል፤ ብርሃን አለው። የባስሩን ቀይ ቆብ ሰጠኝ። "ልጅሽ አለ" አለኝ። "የማጌትስ?" አልኩት። ፊቱን አዞረ። ይሄው ነው። በቃ ይሄው ነው።

ነቃሁ። ፊቴ እንደ እሳት ይነዳል። "አየሁ! እኔም አየሁ!" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ብቻዬን። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ እንዴት እንደምናገረው፣ ከየት እንደምጀምር፣ ማን ማን እንደሚሰማ ሳሰላ ፀሐይ ወጣች። ሱብሂ አለፈኝ። በዚያ ሰዓት እንኳን እንዳለፈኝ ልብ አላልኩም።

ጁምዓ ነበር። ከሶላት በኋላ የሴቶቹ ማኅበር ለዚክር በዲቦር ግቢ ይሰበሰባል። ዚክሩ ሲያልቅ፣ ማጌት ከፊቴ ተቀምጣ፣ "እኔም የማካፍላችሁ አለኝ" ብዬ ተነሣሁ።

ነቢዩን አየሁ አልኩ። ሴቶቹ "ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም" አሉ። ብርሃኑን ነገርኳቸው፤ ቆቡን ነገርኳቸው፤ "ልጅሽ አለ" የሚለውን ሁለቴ ደገምኩት። ዲቦር እልል አለች።

"የመዱንስ ነገር?" አለች አንዷ። "ስለ እሱስ አልጠየቅሽም?"

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። ፊቱን አዞረ ብል እንኳ በበቃኝ። ማጌት አንገቷን ቀና አድርጋ ታየኛለች፤ ያ ያረፈ ፊቷ። ያንን ዕረፍት ከፊቷ ላይ ላነሣው ፈለግሁ።

"ጠየቅኋቸው" አልኩ። "'እሱን ባሕር ወስዶታል' አሉኝ።"

ማጌት አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። ቀስ ብላ ተነሣች፣ ጫማዋን ፈለገች፣ አንዱን ካደረገች በኋላ ሌላውን ማግኘት አቃታት። በአንድ እግሯ ቆማ ስትፈልግ ያየኋት አይረሳኝም። ማንም አላቀበላትም። አገኘችው፣ ወጣች።

በማግስቱ ሴሪኝ ጋዬ አስጠሩኝ።

ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ከቁርስ የተረፈ ዳቦ ለድመታቸው እየቆረሱ። እኔ ሊያመሰግኑኝ መስሎኝ ጥሩ ቀሚሴን ለብሼ ሄጃለሁ።

"ንጎኔ፣ ልጄ፣ ሕልም አየሽ አሉኝ።"

"አልሐምዱሊላህ፣ አይቻለሁ።"

"በስንት ሰዓት?"

"አላውቅም። ከነቃሁ በኋላ ወዲያው ነጋ።"

"ሱብሂ ሰገድሽ?"

የቀሚሴን ጫፍ አስተካከልኩ።

"እሺ። ማታ ምን በላሽ?"

"ሴሪኝ፣ የበላሁት ምን ያደርጋል?"

"የከበደ ሆድ ብዙ ያወራል። ምን በላሽ?"

ነገርኳቸው። ከመተኛቴ በፊት ምን አስብ እንደነበር ጠየቁኝ። "ልጄን" አልኩ። "ልጅሽን ብቻ?" አሉኝ። "ማጌትንም" አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደሚያውቁ።

"አሁን ያየሽውን ሰው ንገሪኝ። ፊቱን አየሽው?"

"በብርሃን ተሸፍኖ ነበር።"

"በብርሃን ነው ወይስ በጨርቅ?"

አሰብኩ። "በመጎናጸፊያ። እስከ አፍንጫው።"

"እግሩንስ? ባሕር ዳር ቆሟል ብለሻል። አሸዋው ላይ እግሩ ነበር?"

ዓይኔን ጨፍኜ ፈለግሁ። ነጩ ቀሚስ አለ። ወደ ታች ስወርድ ከጉልበት በታች ምንም የለም። ያን ጊዜ ትዝ አለኝ፤ ግድግዳዬ ላይ ያለው ሥዕል ከጉልበት ላይ የተቆረጠ ነው።

ሴሪኝ ቀና ብለው ከራሳቸው ግድግዳ ላይ ያለውን ያንኑ ሥዕል አዩ፤ እኔም አየሁ። ለድመቷ ቁራሽ ጣሉላት።

"ግን ሴሪኝ" አልኩ፣ "ሸይጣን በነቢዩ መልክ አይመጣም ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት!"

"በመልካቸው አይመጣም። እውነት ነው። ግን በሌላ መልክ የመጣውን 'እሳቸው ናቸው' ብሎ መሰየም የሚችል ልብ አለ። ለዚህ ነው ስለ ጢም የምንጠይቀው፣ ስለ ጥርስ፣ ስለ ቁመት። ደግሞ ሁሉ ነገር ሸይጣን አይደለም፣ አትፍሪ። ሕልም ሦስት ዓይነት ነው። ከአላህ የሚመጣ ብሥራት አለ። ሰውን ሊያስጨንቅና ሊያጣላ ከሸይጣን የሚመጣ አለ፤ ያንን ወደ ግራ ሦስቴ እፍ ብለሽ፣ በአላህ ተጠብቀሽ፣ ጎንሽን ቀይረሽ ትተኛለሽ፣ ለማንም አትነግሪም። ሦስተኛው ነፍስ ከራሷ ጋር የምታወራው ነው። ቀን ያሰበችውን ሌሊት ታየዋለች። የተራበ እንጀራ ያያል፤ ልጇ የጠፋባት ልጇን ታያለች። ይሄ ኃጢአት የለበትም። ያንቺ ሕልም ባስሩን እንደምትወጂ ነው የሚናገረው። ይሄ እውነት ነው። ከዚህ በላይ አታሸክሚው።"

"የማጌት ለምን ከዚህ አልሆነም?" አልኩ። እንባዬ መጣ፤ የቁጭት እንባ ነበር። "እሷም እናት ናት! እሷም ልጇን ነው የምታስበው! እሷን ለምን አመኗት?"

ሴሪኝ ዳቦውን አስቀመጡ። "እኔ 'ያየሽው እሳቸው ናቸው' ብዬ አልማልኩላትም። አላህ ያውቃል። የጠየቅኋት ግን አንቺን የጠየቅሁትን ነው። የለመነችው ልጇን ነበር፤ የተሰጣት ውሃ። ምኞት የለመነውን ነው ለራሱ የሚሰጠው፤ የማይፈልገውን አይሰጥም። ሕልሙ እሷን ከማንም አላስበለጣትም፣ ማንንም አላሳነሰባትም። ሩቅ ነገር አልነገራትም። ስትነቃ ተነሥታ ሰገደች። ያንቺ ግን 'ያንቺ አለ፣ የእሷ የለም' አለሽ። ስትነቂ ምን ተሰማሽ? ቀዘቀዘሽ ወይስ ነደደሽ?"

"ነደደኝ" አልኩ።

"ወደ መስገጃ ሄድሽ ወይስ ወደ ወሬ?"

ድመቷን ማየት ጀመርኩ።

"ውሃው ምን ማለት እንደሆነ ነገርኳት" አሉ። "'ትዕግሥት ነው፤ የሚያስፈልግሽ ቀን ስለሚመጣ ቀድሞ ተሰጠሽ' አልኳት። ከዚህ ምን እንደሚከተል ገብቷታል። ያንቺ ጓደኛ ልጄ በሕይወት አለ ብላ ያረፈች መስሎሽ ይሆናል የቀናሽባት።"

ያንን ነበር የመሰለኝ። ዲቦር እንዳወራችው፣ ሰፈሩ እንዳመነው። ማጌት ራሷ ከአፏ የነገረችኝን ትቼ የሰፈሩን ሕልም አምኜ ነበር የቀናሁት።

"አንድ ነገር ቀረኝ" አሉ ሴሪኝ። "'ባሕር ወስዶታል' የሚለውን ማን አለው?"

ምንጣፋቸው ላይ ያለውን ሐረግ በጣቴ ተከተልኩ።

"ንጎኔ።"

"እኔ" አልኩ። "እኔ ጨመርኩት። ፊቱን ነው ያዞረው። አልተናገረም።"

"ያላየውን አየሁ ያለ ሰው በቂያማ ቀን ሁለት የገብስ ፍሬ እንዲቋጥር ይታዘዛል፤ መቼም አይቋጥረውም። በእውን ከመዋሸት ይከፋል፤ በአላህ ስም የተላከ ደብዳቤ መፈልሰፍ ነውና። ከአላህ ጋር ያለሽን በተውባ፣ ተጸጽተሽ ትጨርሺዋለሽ። የማጌት ሐቅ ግን ከማጌት ዘንድ ነው። ሂጂና ንገሪያት።"

አልሄድኩም። እውነቱን ልናገር ብያለሁ፤ አልሄድኩም። አሥር ቀን ሙሉ ወደ ማድረቂያው በሌላ መንገድ ዞርኩ። ማታ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ያዘኝ። ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይላሉ። እኔ በውሸት ፈትቼ መዱንን ገድዬው ቢሆንስ? ሥዕሉን ከግድግዳው አወረድኩት። ባዶው ቦታ የባሰ አየኝ፤ መልሼ ሰቀልኩት።

በአርባ አንደኛው ቀን ረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነበር።

"እናቴ" አለ።

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር። ሞተሩ በስምንተኛው ቀን መሞቱን፣ ማዕበል ወደ ፈለገበት ሲገፋቸው መክረሙን፣ አንድ የዓሣ መርከብ እንዳገኛቸው፣ ኬፕ ቨርዴ ውስጥ ሆስፒታል እንዳለ ነገረኝ። ከስልሳ ሁለቱ አሥራ ሰባት ቀርተዋል። ድምፁ የሽማግሌ ድምፅ ነበር።

"መዱንስ?" አልኩት።

"መዱን ቀኖቹን በቢላ ጀልባው እንጨት ላይ ይቆጥር ነበር። ሃያ ሁለተኛውን ከቆጠረ በኋላ ቢላውን ለእኔ ሰጠኝ። በማግስቱ አልነቃም። እኔ ነኝ ያጠብኩት፣ በባሕሩ ውሃ። ሰግደንበት ወደ ባሕሩ አወረድነው። እናቴ፣ ለእናቱ አንቺ ነሽ የምትነግሪያት። ምዬለታለሁ። በስልክ እንዳትሰማ፣ ከወሬኛ እንዳትሰማ። 'የእኔ እናት ለአንተ እናት ትነግራታለች' ብዬ ምያለሁ።"

ሃያ ሁለት። እኔ ውሸቱን የተናገርኩት በሠላሳ አንደኛው ነው። ቃሌ አልገደለውም። በዚያች ሰዓት፣ ልጄ ተገኝቶልኝ የጓደኛዬ ልጅ ሞቶ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ይሄንን ነው። ሰው እንዲህ ነው።

ከዚያ ሌላው ሐሳብ መጣ፤ ሹክ የሚል። "ታዲያ ሕልምሽ እውነት ነበር። ያንቺ አለ፣ የእሷ የለም። ያልሽው ሁሉ ሆነ።" ወደ ማጌት ቤት ሳልሄድ በሴሪኝ በኩል አለፍኩ። ነገርኳቸው። አለቀሱ፣ ዱዓ አደረጉ። ከዚያ ዓይኔን አይተው፣ "ሕልሜ ነው ብለሽ አትመኚው" አሉኝ። "ምኞትም አንዳንዴ የእውነትን በር ያንኳኳል፤ የቤቱ ልጅ ግን አይሆንም። ያየሽው ሥዕል ነበር፤ የጨመርሽው ውሸት ነበር። ባስሩን ያኖረው ሕልምሽ አይደለም። ሂጂ፤ ሴትየዋ ሳትሰማ ሂጂ።"

ማጌት ግቢዋ ውስጥ ማሽላ ትወቅጣለች። ከአሥር ቀን በኋላ ስታየኝ ዘነዘናውን ያዝ አደረገችው።

"መጣሽ" አለች።

መጀመሪያ ውሸቴን ነው የነገርኳት። ሌላውን ካስቀደምኩ መቼም እንደማልናገረው አውቄ ነበር። "'ባሕር ወስዶታል' ያልኩት ሕልሜ ውስጥ አልነበረም። ቀንቼ ነው የፈጠርኩት። ነቢዩንም አላየሁም። በአላህ ይሁንብሽ፣ አውፍ በይኝ።"

"አውቃለሁ" አለች። "ስትናገሪ እኔን አላየሽኝም።" ዘነዘናውን እንደያዘች፣ "ለዚህ ብቻ አልመጣሽም" አለች። "ፊትሽ ላይ ሁለት ነገር አለ። ባስሩ ተገኘ?"

"ተገኘ።"

ከአፌ ሳይወጣ ዘነዘናው ወደቀ፣ አንገቴን አቀፈችኝ። "አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ!" እያለች ፊቴን ሳመችኝ። አስመስላ አልነበረም፤ ያስመሰለ ሰው አካል እንደዚያ አይንቀጠቀጥም። ስለ መዱን ሳትጠይቅ ነው እልል ያለችልኝ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ኋላ ፈቀቅ ያለችው።

"አሁን ንገሪኝ" አለች።

ነገርኳት። ቢላውን፣ ሃያ ሁለቱን ቁጥር፣ ባስሩ እንዳጠበው። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለችና ሙቀጫው አጠገብ ቁጭ አለች። ከዚያ አለቀሰች። ከሕልሙ በኋላ የማታለቅስ መስሎኝ ነበር። ልክ እንደ ማንኛዋም እናት፣ ልብሷን ነክሳ፣ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች አለቀሰች። እኔም አብሬያት። ልዩነቱን ያየሁት ቆይቶ ነው። ለመግሪብ አዛን ሲል ፊቷን ታጠበችና፣ "ባስሩ ምግብ ይወስዳል? ሆዱ ይቀበላል ወይ? ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው ቶሎ ብዙ መብላት የለበትም፣ ንገሪያቸው" አለችኝ። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን የተረፈውን ልጅ ስም መስማት አልችልም ነበር። ያንን ሕልም ከእሷ ልወስድ ፈልጌ ነበር፤ ብወስደው እንኳ የት እንደማኖረው አላውቅም።

ሴቶቹ ለለቅሶ ሲሰበሰቡ ዲቦር፣ "ንጎኔ አስቀድማ አይታው ነበር!" ማለት ጀመረች። ሴቶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ፤ ዓመታት ሙሉ የተመኘሁት ዓይነት አስተያየት ነበር። "አላየሁም" አልኩ፣ ሁሉም እየሰማ። "ውሸት ነበር። በቅናት ነው የተናገርኩት።" ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ከእኔ ጋር አንድ ቆጥ ላይ ዓሣ የሚያደርቅ ጠፋ። ከማጌት በቀር።

ባስሩ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰ። ከዋናው መንገድ በታክሲ እንደሚወርድ ደውሎልኝ፣ ከሌሊቱ ጀምሬ ስጠብስ፣ ሩዝ በዓሣ ስሠራ ነበር። በሩ ላይ ቆምኩ። ታክሲው ቆመ። ከሲታ፣ ጸጉሩ የተላጨ ሰው ወረደ። ልጄ ነው። እጄን ዘረጋሁ።

ከሩቅ አየኝ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለልኝ፤ ከዚያ ወደ ማጌት ግቢ ገባ።

ያ ነገር እንደገና መጣ። እዚያው በሬ ላይ፣ ልጄ በሕይወት ከፊቴ እያለፈ፣ ልጇን ባጣች ሴት ቀናሁ። አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። ድምፁ አልፎ አልፎ ይሰማኛል፤ የእሷም። አንድ ጊዜ፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ሁለቱም ሳቁ።

ሩዙ ቀዘቀዘ። በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ፤ አልጠራሁትም።